«290 ሺህ ትርፋችን ነው?»

ባለፈው ሳምንት በሒሳብ ሥራ ሦስት ዓመት የቆየች አንዲት ወጣት ጥያቄ አቀረበችልኝ። ድርጅቷ ሊገዛው ስላሰበው ሶፍትዌር ለክፍል ኃላፊው አንድ ገጽ ማብራሪያ እንድታዘጋጅ ታዝዛለች። ኃላፊው የሒሳብ ሰው አይደሉም። «ኤንፒቪው ፖዘቲቭ ነው፣ ስለዚህ ይገዛ ብዬ ብጽፍ አይበቃም?» አለችኝ። አይበቃም አልኳት። ምክንያቱን ግን በስልክ ልነግራት አልቻልኩም። ለእናንተ ለወጣት የሒሳብ ባለሙያዎችም ይጠቅም እንደሆነ ብዬ እዚህ እጽፈዋለሁ።

ከአሥራ አምስት ዓመት ገደማ በፊት የምሠራው በአንድ የመድኃኒት አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት ነበር። ቃሊቲ ያለው መጋዘናችን ዕቃውን የሚቆጣጠረው በቢን ካርድ ነው። በየመደርደሪያው ካርድ ተንጠልጥሎ የገባውና የወጣው በእስክሪብቶ ይጻፍበታል። ሥራ ሲበዛ የባች ቁጥሩ ሳይሞላ ይቀራል፤ አዲስ የመጣው ካርቶን ከፊት ይደረደርና አሮጌው ከኋላ እንደተቀመጠ የአገልግሎት ጊዜው ያልፍበታል። በየዓመቱ እንዲወገድ የምንለየው መድኃኒት ብዛት ያሳዝን ነበር። ሕመምተኛ እየፈለገው የሚጣል መድኃኒት ማየት አሁንም ደስ አይለኝም።

በመጨረሻ የመጋዘን መቆጣጠሪያ ሶፍትዌር ይገዛ ተባለ። ዋጋው ከነተከላውና ከነሥልጠናው 3 ሚሊዮን ብር፣ የፈቃዱ ዘመን ከተፈረመበት ቀን ጀምሮ አምስት ዓመት ነበር። የጥገና ክፍያው ተቀንሶ መጋዘኑ በየዓመቱ 1.1 ሚሊዮን ብር እንደሚያድን ገመትን። ድርጅቱ ደግሞ ከሚያወጣው ገንዘብ በዓመት ቢያንስ 20 በመቶ ይጠብቃል። ገጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፦ የተጣራ የአሁን ዋጋ፣ ማለትም ኤንፒቪ፣ 289,673 ብር፣ የውስጥ የትርፍ ምጣኔ 24.3 በመቶ፣ የውሳኔ ሐሳብ፦ ይገዛ። ከሥር ሠንጠረዥ ነበረው። በሥራዬ ኮርቼ ነበር።

የመጋዘንና ስርጭት ኃላፊው በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የፋርማሲ ባለሙያ ነበሩ። መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረብ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉና ጣታቸውን ቁጥሩ ላይ አሳረፉ። «ልጄ፣ ይህ 290 ሺህ በአምስት ዓመት የምናተርፈው ነው?» አሉኝ።

«አዎ ጋሼ፣ እንደዚያ ነው» አልኳቸው። ከሰዓት በኋላ ሌላ ስብሰባ ስለነበረብኝ ቸኩያለሁ።

ጥቂት ዝም አሉ። «ለ3 ሚሊዮን ብር 290 ሺህ? እናንተ ያዋጣል ካላችሁ ይሁን» ብለው ፈረሙ። ወሩ ግንቦት ነበር።

መልሴ ስህተት ነበር። በተለመደው አነጋገር ትርፍ ቢሉ፣ 5.5 ሚሊዮን አድነን 3 ሚሊዮን ስናወጣ ልዩነቱ 2.5 ሚሊዮን ነው። 290 ሺው ሌላ ነገር ነው። እንዲህ አድርጋችሁ እዩት፤ 3 ሚሊዮኑ መጋዘኑ በ20 በመቶ ወለድ የተበደረው ገንዘብ ይሁን። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ዕዳው 3.6 ሚሊዮን ይደርሳል፤ የዳነው 1.1 ሚሊዮን ሲከፈል 2.5 ሚሊዮን ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት 3 ሚሊዮን ይሆንና ተከፍሎ 1.9 ሚሊዮን ይቀራል። በሦስተኛው 1.18 ሚሊዮን፣ በአራተኛው 316 ሺህ ብቻ። በአምስተኛው ዓመት ዕዳው ከነወለዱ 379,200 ብር ሲሆን ከ1.1 ሚሊዮኑ ተከፍሎ ያልቃል፣ 720,800 ብርም እጃችን ላይ ይተርፋል። ያ ገንዘብ በዚያው 20 በመቶ ወደ ዛሬ ሲመለስ 289,673 ብር ነው። ማለትም 3 ሚሊዮኑም ወለዱም ተከፍለው ካለቁ በኋላ የቀረው ነው። ብድር የማያውቅ ኃላፊ የለም፤ በዚህ መንገድ ለማስረዳት አምስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።

ብነግራቸው ኖሮ ቀጥሎ የሚጠይቁት ይታየኛል፦ «ታዲያ ዕዳው በጊዜ መከፈል ካልጀመረስ?» እሳቸው የሚያውቁትን እኔ አላውቅም ነበር። ሰኔ 30 የዓመት መዝጊያ ቆጠራ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ኦዲተሮች መጋዘኑ ውስጥ ናቸው። ለሥልጠና አንድም ሠራተኛ መልቀቅ የሚቻለው ከመስከረም በኋላ ነው፤ ከዚያ ደግሞ የየባቹ መረጃ ከቢን ካርድ እየተነበበ ወደ ኮምፒውተር መግባት አለበት። ሶፍትዌሩ ሥራ የጀመረው በጥር ነው። ከመጀመሪያው ዓመት ስምንት ወር ያለምንም ቁጠባ አለፈ፣ የፈቃዱ ዘመን ግን አልተራዘመልንም። ያን ስምንት ወር አስገብቼ ሳሰላው ውጤቱ ከዜሮ በታች 321 ሺህ ብር ሆነ።

በማኔጅመንት ስብሰባ ላይ «ሥራውን ያዘገዩት እርስዎ ነዎት» ተባሉ። ገጹን ያዘጋጀሁት እኔ እዚያው ጠረጴዛ ዳር ተቀምጬ ዝም አልኩ። እሳቸውም ወደ እኔ አላዩም። እስከ ዛሬ የሚቆረቁረኝ ይኸው ነው።

እናንተ ኤክሴል ከእኛ በተሻለ ታውቃላችሁ፤ ይህን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። የማይገባኝ ፋይሉን በኢሜይል ልካችሁ «ተያይዟል» ብላችሁ ዞር ማለታችሁ ነው። ገጹን ይዛችሁ ሰውየው ፊት ተቀመጡ። ስለ ኤክሴል ካነሳሁ አይቀር፣ የወጣቷን ፋይል ሳየው የመጀመሪያውን ወጪ ከቁጠባዎቹ ጋር አንድ ላይ አስገብታዋለች፦

```
=NPV(20%,B2:B7)
```

ይህ ቀመር የመጀመሪያውንም ቁጥር ከአንድ ዓመት በኋላ እንደሚከፈል ይቆጥረዋል። ዛሬ የሚከፈለው B2 ከውጭ መደመር አለበት፦

```
=NPV(20%,B3:B7)+B2
```

በእኔ ምሳሌ በመጀመሪያው ቀመር 290 ሺው 241 ሺህ ሆኖ ይወጣል። ምልክቱ ስለማይቀየር ማንም አይጠራጠርም።

ለወጣቷ «ገጹ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ ይኑር» ብያት ነበር። ራሴ ስጽፈው ግን በዙብኝ፤ የትኛውንም መሰረዝ አልቻልኩም። ያኔ ለእሳቸው መጻፍ የነበረብኝ ይህን ነው፦

«ሶፍትዌሩን በ3 ሚሊዮን ብር ብንገዛ፣ ገንዘቡን ከነ20 በመቶ ዓመታዊ ወለዱ ከመለስን በኋላ በዛሬ ዋጋ 290 ሺህ ብር ገደማ ይተርፈናል። ይህም መጋዘኑ በየዓመቱ 1.1 ሚሊዮን ብር ካዳነ ነው። ቁጠባው በየዓመቱ ከ1 ሚሊዮን 3 ሺህ ብር ካነሰ ግዢው አያዋጣም። ሥራ የሚጀምርበት ቀን አራት ወር ቢዘገይ የሚተርፈው በሙሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከእርስዎ ሁለት መልስ እንፈልጋለን፦ ሠራተኞችዎን ለሥልጠና መቼ መልቀቅ ይችላሉ? ጊዜው የሚያልፍበትን መድኃኒት በዚህ መጠን መቀነስ ይቻላል ብለው ያምናሉ?»

የውስጥ የትርፍ ምጣኔው የለበትም፤ እሳቸው የሚወስኑት በእሱ አይደለም። የእናንተ ሶፍትዌር የዓመት ክፍያው በዶላር ከሆነ ግን አንድ መስመር ጨምሩ፦ በስንት ብር ምንዛሪ እንዳሰላችሁትና ብር ምን ያህል ቢወርድ የሚተርፈው እንደሚያልቅ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ያ መስመር የሌለው ገጽ ቢቀርብልኝ አልፈርምበትም።

ወጣቷ ትናንት ደውላ ነበር። ኃላፊዋ እሷ በጻፈችው ገጽ ላይ ሁለተኛውን ጥያቄ አንብበው «ለዚህ መልስ ከመስጠቴ በፊት ከሠራተኞቼ ጋር ልነጋገር፣ እስከ ዓርብ ቆዩኝ» ብለዋታል።