ባዮቲንና የታይሮይድ ውጤት

ጥያቄ፦ «ለፀጉሬ በየቀኑ 10,000 ማይክሮ ግራም ባዮቲን የተባለ ቫይታሚን እወስዳለሁ። በምርመራ ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን ቲኤስኤች ዝቅ፣ ታይሮይድ የሚያመነጨው ሆርሞን ቲ4 ከፍ ብሏል፤ ታይሮይድሽ ከልክ በላይ ይሠራል ተባልኩ። ምንም አይሰማኝም። መድኃኒት ልጀምር?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከመጀመርሽ በፊት ባዮቲን እንደምትወስጂ ለሐኪምሽ ንገሪው። የምትወስጂው መጠን አንድ አዋቂ በቀን ከሚያስፈልገው 30 ማይክሮ ግራም ከ300 እጥፍ በላይ ነው።

ብዙ የላቦራቶሪ መሣሪያዎች ባዮቲንን ራሱን እንደ ማያያዣ ይጠቀሙበታል። በደም ውስጥ ሲትረፈረፍ የማያያዣውን ቦታ ቀድሞ ይይዝና የመሣሪያው ምልክት ይደክማል። በቲኤስኤች ምርመራ ደካማ ምልክት «ዝቅተኛ» ተብሎ ይነበባል፤ በቲ4 ግን አሠራሩ የተገላቢጦሽ ስለሆነ «ከፍተኛ» ይባላል። ሁለቱ ስሕተቶች ሲገጥሙ ልክ እውነተኛ በሽታ ይመስላሉ። የልብ ምት መፍጠን፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ክብደት መቀነስ ከሌለሽ ጥፋቱ የባዮቲኑ ነው የሚለው ጥርጣሬ ይጠነክራል።

ሐኪምሽ ከተስማማ ባዮቲኑን ለሦስት ቀን አቁመሽ እዚያው ላቦራቶሪ ድገሚው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ከዚያ በላይ መቆየት ያስፈልገዋል። ውጤቱ ከተስተካከለ ጥፋቱ የባዮቲኑ ነበር፤ ካልተስተካከለ ግን በሽታው እውነተኛ ሊሆን ስለሚችል ክትትሉን አታቋርጪ። በዚህ የሚሳሳተው ሁሉም መሣሪያ አይደለም።

እኔን አብልጦ የሚያስፈራኝ የልብ ምርመራው ነው። የልብ ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው ትሮፖኒን የተባለ ፕሮቲን በባዮቲን ምክንያት በሐሰት ዝቅ ሊል ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በዚህ ዓይነት የተሳሳተ ውጤት ምክንያት አንድ ታካሚ መሞቱን ገልጿል። ደረትሽን ካመመሽ ሦስት ቀን አይጠበቅም፤ ወዲያው ሄደሽ ባዮቲን መውሰድሽን አስቀድመሽ ተናገሪ።