የቁልፉ ሰዓት

ሰሞኑን ለትምህርት ወደ ጀርመን የምትሄደው የእህቴ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ፍራንክፈርት የምደርሰው ዓርብ ከምሽቱ አራት ተኩል ነው፤ ወደ ማደሪያዬ የሚወስደኝ ባቡር የትኛው ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ፣ በጥቅምት 1986 ዓ.ም. እዚያው ከተማ ያሳለፍኩት ሌሊት ታወሰኝ።

እኔም የደረስኩት ዓርብ ማታ ነበር። ሻንጣዬን ስጠብቅ አጠገቤ የቆሙ አንዲት ኢትዮጵያዊት እናት ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝና፣ «ልጄ፣ በዚህ ሰዓት ማን በር ይከፍትልሃል? ከእኛ ቤት እደርና ጠዋት ትሄዳለህ» አሉኝ። ሰው ማስቸገር ነውር መስሎኝ አመስግኜ እንቢ አልኩ። ከዚያም ከተርሚናል 1 ሥር ወዳለው የባቡር ጣቢያ ወርጄ፣ መጀመሪያ የመጣው ባቡር ላይ ዘልዬ ገባሁ። ከዚያ ጣቢያ ባቡሮች በሁለት አቅጣጫ እንደሚሄዱ አላሰብኩም ነበር። ሩሰልስሃይም የምትባል ከተማ ስደርስ ከከተማው እየራቅሁ መሆኔ ገብቶኝ ወረድኩና፣ በብርድ እየተንቀጠቀጥኩ የመልሱን ባቡር ጠበቅሁ።

ማደሪያው በር ላይ ስደርስ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ቁልፍ የሚያስረክበው ሀውስማይስተር የሚባለው የሕንፃው ኃላፊ ሲሆን፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ቢሮው የሚከፈተው ከሰኞ እስከ ዓርብ ጠዋት ብቻ መሆኑን ይናገራል። ይኸው ሰዓት ከአዲስ አበባ ይዤው በመጣሁት ደብዳቤ ላይም ተጽፎ ነበር፤ እኔ ግን ያነበብኩት የክፍሉን ኪራይ ብቻ ነው። አንድ ተማሪ ከሥራ ተመልሶ እስኪያስገባኝ ድረስ ደረጃው ላይ ሻንጣዬን ታቅፌ ተቀመጥኩ።

ዛሬ ከዚያ ጣቢያ ወደ ከተማው የሚወስዱት S8 እና S9 የሚባሉት ባቡሮች ናቸው። ነገር ግን እነዚሁ ቁጥሮች በተቃራኒው አቅጣጫ ወዳለችው ወደ Wiesbaden ስለሚሄዱም፣ ከቁጥሩ ይልቅ የመጨረሻውን ጣቢያ ስም አንብቡ፤ Hanau ወይም Offenbach የሚል ከሆነ ወደ ከተማው ነው። ከተሳፈራችሁ በኋላ ቀጣዩ ጣቢያ Kelsterbach ከተባለ ተሳስታችኋልና እዚያው ውረዱ። የዘንድሮ ልጆች ካርታው ስልካችሁ ላይ ስላለ መንገዱን ያወቃችሁት ይመስላችኋል፤ ካርታው ግን በሩ መከፈት አለመከፈቱን አይነግራችሁም።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ የመለስኩላት ከባቡሩ በፊት ለሀውስማይስተሩ እንድትጽፍ ነው። ቁልፉን ለጎረቤት ተማሪ አደራ እንዲሰጥላት ትጠይቀው፤ ካልሆነም ያችን ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ክፍል ይዛ ትደር። በመድረሻው አዳራሽ ውስጥ «ታክሲ? ታክሲ?» እያለ የሚጠጋትን ሰው ፈጽሞ እንዳትከተል፣ የታክሲዎቹ ተራ ውጭ እንደሆነም ነግሬያታለሁ። የማታውቂውን ሰው አትመኚ ብዬ ጽፌላት ሳበቃ እኚያ እናት ትዝ አሉኝ፤ እሳቸውንም አላውቃቸውም ነበር። ሆኖም ሻንጣህን ልያዝልህ አላሉኝም፣ አላጣደፉኝም፤ እንቢ ስላቸውም ስልካቸውን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው ሰጡኝ። አፍሬ አንድም ቀን አልደወልኩላቸውም።