«ከ30 ዲግሪ በታች» የሚል ኪኒን ፍሪጅ በሌለበት ቤት

«እናቴ ሎጊያ ነው የምትኖረው፤ ቤቷ ቆርቆሮ ነው፣ ፍሪጅ የላትም። የምትወስዳቸው አምሎዲፒንና ሜትፎርሚን ላይ ከ30 ዲግሪ በታች ይቀመጥ ይላል። ምን ላድርግላት?»

ወንድሜ፣ አፋር ውስጥ መድኃኒት ቤት ሠርቻለሁ። እነዚህ ሁለቱ የግፊትና የስኳር መድኃኒቶች ቻይ ኪኒኖች ናቸው፤ አንድ ከሰዓት 34 ቢደርስ አይበላሹም። ጉዳቱ የሚጠራቀመው ሙቀቱ ለሳምንታት ሲዘልቅ ነው።

መጀመሪያ የክፍል ቴርሞሜትር ግዛላት። የትኩሳት መለኪያ ከ30 በታች ስለማያነብ አይሆንም። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ መደርደሪያው ላይም ወለሉ ላይም ለኩ። ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሙቀቱ ላይ ላይ ነው፤ ከጣሪያው ሥር 41 ሲያሳይ፣ ፀሐይ በማትመታው ግድግዳ ሥር መሬት ላይ 35 ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አውርዶ ወደዚያ ማዛወር ብቻውን ብዙ ይረዳል።

የቀረውን ሸክላ ይጨርሰዋል። ያልተወለወለ ትንሽ ማሰሮ በትልቁ ውስጥ አስቀምጡ፣ መካከሉን በአሸዋ ሙሉና ጠዋት ማታ ውኃ አጠጡት፤ አፉን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍኑት። ነፋስ የሚያገኘው ጥላ ቦታ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ከፍ ብሎ ይቀመጥ። የሚያቀዘቅዘው ውኃው ሲተን ስለሆነ የተዘጋ ቁምሳጥን ውስጥ ምንም አይሠራም። አየሩ ደረቅ ከሆነ ውጪው 40 ሆኖ ውስጡ ከ30 በታች ይወርዳል። ዝናብ ዘንቦ አየሩ ሲረጥብ ግን ልዩነቱ ይጠባል፤ ስለዚህ ቴርሞሜትሩን ውስጡ ተዉት። ጋምቤላ ክረምት ላይ ብትሆን ይህን አልመክርህም ነበር።

ማሰሮው ውስጥ እርጥበት አለ፤ እርጥበት ደግሞ ለኪኒን ከሙቀቱ አይተናነስም። ከነማሸጊያው ክዳኑ ግጥም የሚል ደረቅ ፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ከትታችሁ አስገቡት። ለማቅለል ተብሎ ኪኒኑ ከማሸጊያው እየተፈለቀቀ በላስቲክ አይቋጠር፤ አምሎዲፒን ብርሃንም አይወድም።

መበላሸቱን በዓይን ማወቅ ሁልጊዜ አይቻልም። ቀለሙ ከተቀየረ፣ ከተሰነጠቀ፣ ከተፈረፈረ ወይም ከተጣበቀ አትውሰደው። ሜትፎርሚን ከጥንቱም የዓሣ ዓይነት ሽታ አለው፤ ስለሸተተ ብቻ እንዳትጥሉት። አስፕሪን ግን ኮምጣጤ ከሸተተ ተበላሽቷል። መልኩ ደህና ሆኖ ግፊቷ ያለ ምክንያት ከፍ ካለ፣ በራሷ መጠን ሳትጨምር ጤና ጣቢያ ሄዳ ትለካ፤ መድኃኒቱ ሙቀት ላይ መቆየቱንም ትንገራቸው።

በሙቀቱ ወራት የሦስት ወር ከመቀበል የወር በወር ብትወስድ ይሻላል። ከአዲስ አበባ የምትልክላት ከሆነ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ አይጫን፤ ተሳፋሪው በእጁ ይያዘው። ኢንሱሊን ከጀመረች ግን አሠራሩ ሌላ ነው፤ ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይፈልጋል፣ ማሰሮም አይደርስበትም።