ከ43 ስም ሦስት ደቂቃ

ውድ ወጣት ባልደረቦቼ፣ የጉባኤ መዝጊያ ምስጋና የማቅረቡ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ለእናንተ ነው። ትልልቆቹ መክፈቻውን ይወስዳሉ፤ ሁሉም ወደ ቤቱ ማሰብ የጀመረበት ሰዓት ለወጣቱ ይተውለታል። አይክፋችሁ፣ ግን ተዘጋጁበት።

በቅርቡ ሱሉልታ ውስጥ በተደረገ የከርሰ ምድር ውኃ ጉባኤ ላይ አንዲት ወጣት ባለሙያ ምስጋናውን እንድታቀርብ ተመረጠች። አስተባባሪ ኮሚቴው በምሳ ሰዓት የ43 ሰዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ሰጣትና ይዛው ወደ እኔ መጣች። መጀመሪያ ያደረግነው ሂሳብ ነው። ስም፣ ማዕረግ፣ መሥሪያ ቤትና ጭብጨባ ለአንድ ሰው 10 ሰከንድ ቢወስድ፣ ለ43ቱ ከ7 ደቂቃ በላይ ይሆናል። ውጭ ሰርቪሶቹ ሞተር አስነስተዋል፤ የእንጦጦን ቁልቁለት ሳይመሽ ለመውረድ የሚጣደፈው ሰው ከ15ኛው ስም በኋላ ቦርሳውን መፈለግ ይጀምራል። ስለዚህ ሦስት ደቂቃ ወሰንን።

ከዚያ ወረቀቱን ገልብጠን በጀርባው ላይ ሰዎቹን ሳይሆን ሥራዎቹን ጻፍን። 14ቱ ጥናት አቅራቢዎች አንድ ሥራ ናቸው፤ 4ቱ የመድረክ መሪዎች ሌላ፤ 2ቱ አስተርጓሚዎች ሌላ። ለእያንዳንዱ ቡድን አዳራሹ በዓይኑ ያየውን አንድ ነገር ፈለግን። ላላየው ደግሞ የአዳራሹን ኃላፊ ጠየቅን፤ «እኛ ያላየነው ምን ተደረገ?» የሚለው ጥያቄ ከማንኛውም የስም ዝርዝር ይበልጣል። ጄኔሬተሩን የሚያስነሳው ልጅ ሌሊቱን እዚያው ማደሩን ያወቅነው ከእርሳቸው ነው።

የመጀመሪያው አንቀጽ እንዲህ ሆነ፦ «ትናንት ከሰዓት መብራት ሲጠፋ ስላይዱም አብሮ ጠፋ። አቅራቢያችን ግን የጉድጓዱን የአፈር ንብርብር በወረቀት ሥለው ከወንበር ወደ ወንበር አሳለፉልን። ያ ወረቀት እጁ የገባ ሁሉ የ14ቱንም አቅራቢዎች ድካም ይዞታል።» ስም አልተጠራም። ይህ አጋጣሚ አይደለም። ከአንድ ቡድን የአንዱን ስም ብቻ ከጠራችሁ የቀሩት 13 ሰዎች እንዳልተመሰገኑ ይቆጥሩታል። ወይ ሁሉንም ጥሩ፣ ወይ ማንንም አትጥሩ። ሁለት ሲሆኑ መጥራት ቀላል ስለሆነ አስተርጓሚዎቹን በስም ጠራቻቸው፦ በየግማሽ ሰዓቱ እየተቀያየሩ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሲያደማምጡን እንደዋሉም ጨመረች። ሰው ሁሉ ዞሮ ጠባቧን የማስተርጎሚያ ክፍል አየ።

የክብር እንግዶችን በተመለከተ ብልጠት አያስፈልግም። ፕሮቶኮል ክፍሉ በሰጣችሁ ቅደም ተከተል፣ በሙሉ ማዕረጋቸው፣ መጀመሪያ ላይ ጥሩና እለፉ። ማዕረጉን ግን ያው ቀን አረጋግጡ፤ ዶክተር የሆነን ሰው «አቶ» ማለት የሦስቱን ደቂቃ መልካም ነገር ሁሉ ይበላል። ለስፖንሰሮችም እንዲሁ፦ ስማቸው እንዲጠራ በውል ከተገባላቸው አምስቱንም በአንድ ትንፋሽ ጥሩ፤ ማስታወቂያቸውን አታንብቡላቸው። ከጀርባችሁ ባነሩ ላይ አርማቸው አለ።

ጭብጨባውን ወደ መጨረሻ አድርጉት። «ጭብጨባችሁን አንድ ላይ እናድርገው» ብላችሁ ቀድማችሁ ካልነገራችሁ በየስሙ ይጨበጨባል፤ ለአንዱ ደመቅ፣ ለሌላው ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ሳታስቡት ደረጃ ሰጣችሁ ማለት ነው። የወጥ ቤት ሠራተኞቹን ከጭብጨባው በፊት ወደ አዳራሹ አስጠሩ። እነርሱ ምጣድ ላይ ሆነው የሚደረግ ምስጋና እኔን ሁልጊዜ ያስቀኛል።

አንድ ነገር አይቀርም። መድረክ ላይ ቆማችሁ ብጣሽ ወረቀት ይደርሳችኋል፦ «እገሌን ረሳሽ»። ለዚህ ከመጨረሻው ዓረፍተ ነገር በፊት ክፍት ቦታ ተዉ። ሰውዬው የሠራውን ካወቃችሁ በሥራው አመስግኑት፤ ካላወቃችሁ ወረቀቱን አጥፋችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱ። «ስማችሁን ያልጠራሁ ይቅርታ» አትበሉ፤ ያልተጠራው ሰው እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላስተዋለውም ነበር።

43ቱ ስሞች ግን የትም አልጠፉም። በመርሐ ግብሩ የኋላ ገጽ ላይ በፊደል ተራ ታትመው ነበር። በሳምንቱ ውስጥም ለእያንዳንዳቸው የምስጋና ደብዳቤ ወጣ፤ ጄኔሬተር ላይ ላደረው ልጅ የተጻፈው ማደሩን ይጠቅሳል፣ ማኅተምም አለው። ለሥራ ማመልከቻው አያይዞታል።