«እንችላለን» ወይስ «እንችል ይሆናል»? የአቅራቢን የዋጋ መልእክት ስንተረጉም

ጥያቄ፦ የበር ቁልፍ ከቻይና በሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የእንግሊዝኛ መልእክቶችን እተረጉማለሁ። አንዱን በ4.50 ዶላር ሒሳብ 600 ቁልፍ ለመግዛት እየተነጋገርን ሳለ አቅራቢው «ኢፍ ዩ ኩድ ጎ አፕ ቱ 1000 ፒስስ፣ ዊ ማይት ቢ ኤብል ቱ ካም ዳውን ቱ 4.20፣ በት አይ ውድ ሃቭ ቱ ቼክ ዊዝ ዘ ፋክተሪ» ብሎ ጻፈ። 4.50 እስከ ወሩ መጨረሻ እንደሚጸናም አከለበት። እኔ «1000 ከወሰዱ ወደ 4.20 ልንቀንስ እንችላለን፤ ፋብሪካውን ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ» ብዬ ተረጎምኩ። አለቃዬ ዋጋው አለቀ ብለው 1000 አዘዙ፤ ፕሮፎርማው ግን በ4.35 መጣ። ባልደረባዬ «ምናልባት» ብትጨምሪበት ይበቃ ነበር ትለኛለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ባልደረባዎ ግማሽ እውነት አላት። «ምናልባት» ያስፈልግ ነበር፤ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ቦታውን ከሳተ ደግሞ ይብስ ያሳስታል። ጉዳዩ ያለው በማሰሪያ አንቀጹ ላይ ነው።

የአቅራቢው ሐረግ ሁለት ነገር ደራርቧል። «ቢ ኤብል ቱ» ስለ አቅም ይናገራል፤ «ማይት» ደግሞ ያንኑ አቅም ይጠራጠራል። ሰውየው «አቅሙ አለን» እንኳ አላለም፤ «አቅሙ ሊኖረን ይችላል» ነው ያለው። አማርኛ ይህን ለመሸከም አይቸገርም፤ «ዝቅ ማድረግ እንችል ይሆናል» ሲባል «እንችል» አቅሙን፣ «ይሆናል» ጥርጣሬውን ይይዛል። እዚህ ላይ «እንችላለን» የሚለው ግስ መጨረሻውን ጥሎ «እንችል» ሆኖ መቅረቱን ልብ ይበሉ። «እንችላለን ይሆናል» አይባልም። «ይሆናል»ም ባለቤቱ ማንም ቢሆን አይለወጥም፤ እንችል ይሆናል፣ ይችሉ ይሆናል፣ ትችል ይሆናል እያለ ይሄዳል።

«ልንቀንስ እንችላለን» የሚለው የእርስዎ ምርጫ ከምን እንደመጣ ይገባኛል። «ዋጋው ሊቀንስ ይችላል» ስንል ጥርጣሬ ይሰማል፤ «ዝናብ ሊዘንብ ይችላል» እንደማለት ነው። ያ ጥርጣሬ የሚሰማው ግን ባለቤቱ ግዑዝ ወይም ከተናጋሪው ፈቃድ ውጭ የሆነ ነገር ስለሆነ ነው። ባለቤቱ «እኛ» ሲሆንና ድርጊቱ በራሳችን እጅ ሲሆን ያው አነጋገር ቃል መግባት ይሆናል። ሻጭ «ልቀንስልህ እችላለሁ» ካለ ገዢ ኪሱን ይከፍታል እንጂ «ይጠራጠር ይሆን?» ብሎ አያስብም። አለቃዎ ያነበቡት ይህንኑ ነው፤ አልተሳሳቱም።

«ምናልባት»ን በተመለከተ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው «ምናልባት እንቀንሳለን» ማለት ነው፤ ተውሳከ ግሡ ያመነታል፣ ግሡ ግን ቃል ይገባል። አንባቢ ከሁለቱ አንዱን መጣል ስላለበት ብዙ ጊዜ የሚጥለው «ምናልባት»ን ነው፤ ገንዘብ የሚያስገኝለት ግሡ ነውና። ሁለተኛው ይበልጥ ስውር ነው። «ምናልባት 1000 ከወሰዱ ወደ 4.20 እንቀንሳለን» ቢሉ ጥርጣሬው ከሻጩ ወደ ገዢው ይዞራል። «ምናልባት» ከ«ከወሰዱ» ጋር ተጣብቆ «እንዲያው መውሰድ ቢያምርዎ» የሚል ትርጉም ይሰጣል፤ ቅናሹ ደግሞ እንደ ጸና ቃል ይቀመጣል። ስለዚህ ቦታው «1000 ከወሰዱ» ከሚለው ሁኔታ በኋላ፣ ከዋናው ዓረፍተ ነገር ፊት ነው። እዚያ ሲገባ ሌላም ጥቅም አለው። አማርኛ ማሰሪያውን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ የተቻኮለ ሰው «4.20»ን ካየ በኋላ «ይሆናል»ን ሳይደርስበት ሊቀር ይችላል። «ምናልባት» ቀድሞ ያስጠነቅቀዋል።

ወደ ሁኔታው እንምጣ። «ከወሰዱ» በንግድ ጽሑፍ ውስጥ የተቆረጠ ውል ይመስላል፤ ይህን ካደረጉ ያን ያገኛሉ እንደማለት። «ኢፍ ዩ ኩድ» ግን ገዢውን የሚያግባባ ጥያቄ ስለሆነ «ማድረስ ቢችሉ» ይሻለዋል። ይሁንና «ቢ» ባዩ ቁጥር «ነበር» አይጨምሩ። «ቢያደርሱ እንቀንስ ነበር» ያለፈበት ዕድል ነው፤ አለቃዎ ያዝናሉ እንጂ አይደራደሩም።

የፋብሪካው ሐረግም ሳይታሰብ ተስፋ ተጨምሮበታል። «ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ» ሁለት ቃል ኪዳን ነው፤ እጠይቃለሁ፣ መልሱንም እነግርዎታለሁ። አቅራቢው አንዱንም አላለም። እስካሁን እንዳልጠየቀና ቁጥሩ ከፍ ካለለት መጠየቅ ግድ እንደሚሆንበት ብቻ ነው የጻፈው። «መጠየቅ ይኖርብኛል» በቂ ነው። «በት»ም አይጣል፤ የጥርጣሬውን ምክንያት የሚነግረን እሱ ነው።

እንግዲህ ሙሉው ትርጉም ይህን ይመስላል፦ «ብዛቱን ወደ 1000 ማድረስ ቢችሉ፣ ምናልባት እኛም ዋጋውን ወደ 4.20 ዶላር ዝቅ ማድረግ እንችል ይሆናል፤ ሆኖም ቀድሜ ፋብሪካውን መጠየቅ ይኖርብኛል። የ4.50 ዋጋ እስከ ወሩ መጨረሻ ይጸናል።»

«ይሆናል»ን ከግሡ አይነጥሉት። በቴሌግራም አጠር አድርገው «4.20፣ ይሆናል» ብለው ቢልኩ አለቃዎ «እሺ፣ ተስማምተናል» ብለው ያነቡታል፤ ለብቻው የቆመ «ይሆናል» የመስማሚያ ቃልም ነውና። በሌላው ጫፍ «ዝቅ ሳናደርግ አንቀርም» የሚለው እጅግ ተስፋ የሚሰጥ ነው፤ ዘጠኝ እጅ እንደ ማለት ይሆናል። «እናየዋለን» ደግሞ በእኛ ገበያ ብዙ ጊዜ በትሕትና የተጠቀለለ «አይሆንም» ስለሆነ ለዚህ መልእክት አይስማማም፤ ሰውየው በሩን አልዘጋም፣ ገርበብ አድርጎ ተወው እንጂ።

ገርበብ ማድረጉም ያለ ነገር አይደለም። 600 ቁልፍ በ4.50 የሚያወጣው 2700 ዶላር ነው፤ 1000 በ4.20 ደግሞ 4200። አቅራቢው ገዢው 1500 ዶላር እንዲጨምር እየጋበዘ፣ በራሱ በኩል ግን ምንም አላሰረም። መጀመሪያ «1000» የሚለውን መስማት ይፈልጋል፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ከዚያ በኋላ ነው። ትርጉሙ ይህን ካልደበቀ አለቃዎ «1000 የምንወስደው 4.20 በፕሮፎርማ ላይ ከተጻፈ ብቻ ነው» ብለው መመለስ ይችሉ ነበር፤ ያን ጊዜ በእያንዳንዱ ቁልፍ ላይ የመጣው 15 ሳንቲም፣ በድምሩ 150 ዶላር፣ ገና ለድርድር ክፍት ይሆን ነበር።

ከመላክዎ በፊት ትርጉሙን እንዲህ ይፈትኑት። ከሥሩ «ባላችሁት መሠረት በ4.20 ላኩልን» የሚል መልስ ይጻፉ። መልሱ ያለ ግጭት ከተገጠመ ትርጉምዎ አቅራቢው ያልገባውን ቃል አስገብቶታል። የመጀመሪያው ትርጉምዎ ይገጥማል፤ «እንችል ይሆናል» ግን አይገጥምም፤ አንባቢው «መቼ አሉ?» ይላል።

ጥንቃቄው ደግሞ ወደ መጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይፈስ። «ይጸናል» ያለ ማመንታት የተነገረ ነው። መልእክቱን ሁሉ አንድ ዓይነት ለስላሳ ለማድረግ ብለው «ሊጸና ይችላል» ቢሉት፣ ለአለቃዎ በእጃቸው ያለውን ብቸኛ የተረጋገጠ ዋጋ ይወስዱባቸዋል።