ለአያት መታሰቢያ ቪዲዮ የሚነበብ ጽሑፍ፦ አንቺ ትንሽ ተናገሪ፣ እሳቸው ይናገሩ

«አያታችን ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆነ። ለአርባቸው ከፎቶዎቻቸውና በካሴት ከተቀዳ ድምፃቸው አጭር ቪዲዮ እየሠራሁ ነው። የሚነበበውን አራት ገጽ ጻፍኩ። ሳነበው ግን ቀብር ላይ የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ መሰለብኝ። እንዴት ላስተካክለው?»

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። እኔም ለአያቴ ሙት ዓመት እንዲህ ያለ ቪዲዮ ሠርቻለሁ፤ የጀመርኩትም ልክ እንዳንቺ ነው። አባባ ድሬዳዋ የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ። የመጀመሪያው ጽሑፌ ባቡሩ እንደ ፈረንጆች በ1902 ድሬዳዋ ከመድረሱ ይጀምር ነበር! በዚያ ላይ በካሴቱ የሳቸው ድምፅ ሲመጣ እኔም ከላይ እያነበብኩ ነበር። ለአክስቴ ባሳየኋት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ታገሠችና «እስቲ ዝም በልልኝ፣ አባባን ልስማበት» አለችኝ።

ስለዚህ አራቱን ገጽ ወደ ጎን አድርጊውና መጀመሪያ ካሴቱን ስሚ። የሚናገሩትን እንዳለ ጻፊ፣ ከጎኑም ደቂቃና ሰከንዱን አስቀምጪ። አሰልቺ ነው፤ እኔ ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። ግን የትኛው ቦታ እንደሚስቁ፣ የትኛው ላይ ዝም እንደሚሉ ያን ጊዜ ነው የሚታወቅሽ።

ከዚያ ሰዓቱን አካፍዪ። የኔ ቪዲዮ 6 ደቂቃ ነበር። የአባባ ድምፅ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ወሰደ። ያለ ንግግር፣ ፎቶና ክራር ብቻ የሚሄድበት 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ሆነ። ለኔ የተረፈኝ 2 ደቂቃ ተኩል ነው። ቀስ ብዬ ሳነብ በደቂቃ 80 ቃል ያህል ስለምሄድ፣ ጽሑፌ በሙሉ ከ200 ቃል መብለጥ አልነበረበትም። ያንቺን ፍጥነት በስልክሽ ቀድተሽ ለኪው። አራት ገጽ የማይገባበት ምክንያት ወዲያው ይታይሻል።

ታዲያ በ200 ቃል ምን ይባላል? ፎቶው የማያሳየውና እሳቸው ያልተናገሩት ብቻ። አራት ሰዎች ባቡር ፊት የቆሙበት ፎቶ ነበረን። መጀመሪያ የጻፍኩት «ይህ አባባ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በባቡር ፊት ቆመው የተነሡት ፎቶ ነው» የሚል ነበር። ይሄን ማን አያይም? አክስቴን ስጠይቃት ጫማው የጓደኛቸው እንደነበር ነገረችኝ። በካሴቱ ደግሞ ስለዚያው ቀን ያወራሉ። እንዲህ ሆነ፦

ሥዕል፦ አራቱ ሰዎች፣ ቀስ እያለ ወደ እግራቸው የሚቀርብ፣ 8 ሰከንድ
እኔ፦ ከግራ ሁለተኛው አባባ ናቸው። ጫማው የውሰት ነው።
አባባ፦ «የኔማ ዘይት ጠጥቶ አልቋል!» (ሳቃቸው እስኪያልቅ ይቆይ)

የኔ ዓረፍተ ነገር በሩን ከፈተ፣ እሳቸው ገቡ። ሌላውንም በዚሁ መንገድ ነው የሠራሁት።

አንድ የድምፅ ነገር አለ። ካሴት ሁልጊዜ «ሽሽሽ» ይላል። አንቺ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ቀድተሽ የሳቸው ድምፅ በድንገት ሲገባ ጆሮ ይቆረቁራል። ሽሽታውን ሁለት ሰከንድ ቀደም ብለሽ ካንቺ ንባብ ሥር ቀስ አድርገሽ አስገቢው። ጨርሰሽ ላጽዳው ብትዪ ድምፃቸው ቆርቆሮ ውስጥ የገባ ይመስላል። እኔ ሞክሬው መለስኩት።

ስለ ቀን ተጠንቀቂ። ከአንዱ ፎቶ ጀርባ «ጥር 15 ቀን 1958» ይላል። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ 7 ደምሮ 1965 አለ። ከጥር እስከ ጳጉሜን ባለው ጊዜ ግን ልዩነቱ 8 ነው፤ ስለዚህ 1966 ነው። ሳነብ «በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት» አልኩ፣ የፈረንጁን ለውጭዎቹ ዘመዶች በጽሑፍ ከሥር አስገባሁ።

አጠራሩን ደግሞ ከመጀመሪያው ወስኚ። እኔ «አባባ፣ ምነው ጥለኸን ሄድክ» የሚል ቦታ ነበረኝ። በቀጥታ ሲጠሩ ሙሾ ይሆናል፣ ሰው ማልቀስ ይጀምርና ቀጥሎ ያለውን አይሰማም። «አባባ እንዲህ ይሉ ነበር» ብዬ እስከ መጨረሻው በዚያው ዘለቅሁ። ቤት ውስጥ «አንተ» ትሏቸው ከነበረ በ«እሱ» ሂጂ፤ ብቻ አንዴ «እሱ» አንዴ «እሳቸው» እንዳይሆንብሽ።

መዝጊያውንም ለሳቸው ተዪላቸው። የኛ ካሴት መጨረሻ ላይ አባባ «በሉ፣ ሊያልቅ ነው መሰለኝ» ይላሉ፣ ከዚያ የቴፑ ቁልፍ ቀጭ ሲል ይሰማል። ቀጭታውን አልቆረጥኩትም። ከሱ በኋላ ያለው አራት ሰከንድ ጥቁር ስክሪን ብቻ ነው።