ደሞዝ ተጨምሮ ለምን ጎደለ?

«ሥራ ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ዘንድሮ 10 በመቶ ደሞዝ ጨመሩልኝ። አምና ከደሞዜ አንድ አሥረኛውን አስቀምጥ ነበር፤ አሁን ግን ተጨምሮልኝም የማስቀምጠው የለም ማለት ይቻላል። ቤት አልቀየርኩም፤ አዲስ ነገርም አልገዛሁም። አባካኝ ሆኜ ይሆን? ሌላ ድርጅት ደግሞ አሁን ከማገኘው 14 በመቶ ግድም ብልጫ ያለው ደሞዝ አቅርቦልኛል፤ ግን ለሁለት ዓመት ጭማሪ የለም ይላል። ልሂድ? የአምናና የዘንድሮ ወጪዬን አያይዤ ልኬያለሁ።»

እህቴ፣ አባካኝ አልሆንሽም። የላክሽውን ወረቀት ሁለቴ አየሁት። መልሱ እዚያው ላይ አለ።

ሂሳቡ እንዲቀለን የአምናውን ደሞዝሽን 100 እንበለው። ከዚህ ውስጥ 30 ለቤት ኪራይ፣ 40 ለምግብ፣ 10 ለትራንስፖርት፣ 10 ደግሞ ለስልክ፣ ለመብራትና ለመሳሰሉት ይወጣ ነበር። 10 ይተርፍሻል። ዘንድሮ ደሞዝሽ 110 ሆነ። ኪራዩ ግን 33፣ ምግቡ 50፣ ትራንስፖርቱ 12፣ የቀረው 11 ገባ። ድምሩ 106 ነው። ስለዚህ የሚተርፍሽ 4 ብቻ ነው።

90 የነበረው ወጪ 106 ሲሆን ወደ 18 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው። በዜና የሚነገረው የዋጋ ግሽበት ከዚህ ቢያንስ አይግረምሽ። ያ ቁጥር የብዙ ቤተሰብ ወጪ አማካይ ነው። አንቺ ግን ከወጪሽ ግማሽ ያህሉን የምታውዪው ምግብ ላይ ነው፤ በጣም የተወደደውም እሱ ነው። ሰፊ ገቢ ያለው ሰው ለምግብ የሚያወጣው ከገቢው ትንሹን ስለሆነ፣ ያው ጭማሪ እሱን ያን ያህል አይነካውም። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ግሽበት አለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከምግቡ ቁጥር አጠገብ በትንሹ «አንዳንዱን ነገር ትቻለሁ» ብለሽ ጽፈሻል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። የአምናና የዘንድሮን ወጪ አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጥና ልዩነቱን ግሽበት ይለዋል። ግን ዘንድሮ የገዛሽው ከአምናው ያነሰ ከሆነ፣ ከኑሮሽ የቀነስሽው ነገር ግሽበቱን ይደብቅብሻል። ትክክለኛው መንገድ የአምናውን ብዛት በዘንድሮ ዋጋ ማባዛት ነው። ስንት ኪሎ፣ ስንት ሊትር፣ ስንት እሽግ ትገዢ ነበር? ያው ዛሬ ስንት ያወጣል? እሽጉ ላይ ያለውንም ክብደት እይው። አንዳንዴ ዋጋው ሳይነካ ውስጡ ያለው ይቀነሳል፤ እሱም ጭማሪ ነው። ሂሳቡን ባንቺው ዝርዝር ስሠራው ምግቡ 50 ሳይሆን 54 መጣ። ስለዚህ የአምናውን ኑሮ ዘንድሮ ለመኖር 110 ያስፈልግሻል። ማለትም ሙሉ ደሞዝሽ።

እንግዲህ ያቺ የምትተርፈው 4 ከጭማሪው የመጣች አይደለችም። ከሆድሽ የቀነስሻት ናት። የአንቺ ግሽበትም ከ18 ወደ 22 በመቶ ይወጣል። የዛሬው 110 በአምናው ዋጋ ሲመነዘር 90 ይሆናል። አምና 10 ትርፍ ነበረሽ፤ ጭማሪው ከመጣ በኋላ ያ 10 ጠፋ። እኔም በወጣትነቴ የመጀመሪያውን የደሞዝ ጭማሪዬን በግብዣ አክብሬ፣ ከጥቂት ወር በኋላ ጓደኛዬን ብድር ስጠይቅ ነው የገባኝ።

በባንክ ያለሽም ሳይነካ አልቀረም። 270 አለሽ፤ አምና ይህ የሦስት ወር ወጪ ነበር። ወለዱን ለጊዜው እንተወውና፣ ዛሬ ሁለት ወር ተኩል እንኳን አይሞላም። ቁጥሩ ስላልተነካ አይታይም እንጂ ተሸርሽሯል። የመጠባበቂያ ገንዘብን በወር ቁጠሪው፣ በገንዘብ መጠን አትቁጠሪው የምለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ሥራው። 14 በመቶ ሲጨመር 125 ይሆናል። የአምናውን ኑሮ ከነቁጠባው ለመመለስ የሚያስፈልግሽ 122 ነው። ስለዚህ አዲሱ ደሞዝ ወደ ነበርሽበት ይመልስሻል፤ ትንሽም ይተርፈዋል። ነገር ግን ይህ ለአንድ ዓመት ነው። በሁለተኛው ዓመት ዋጋ በ12 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳን 110 የነበረው ወጪ 123 ይደርሳል። ደሞዝሽ ያው 125 ነው። ተመልሰሽ አሁን ያለሽበት ትገቢያለሽ።

«ታዲያ ልቅር?» ትይኝ ይሆናል። አትቸኩይ። ባለሽበት ብትቆዪና ሌላ 10 በመቶ ቢጨመርልሽ 121 ትደርሻለሽ። ወጪው 123 ነው። ሁለቱን ዓመት አንድ ላይ ብታዪው አዲሱ ሥራ ይሻላል። የሚያስፈራው ሦስተኛው ዓመት ነው። የድሮው ሥራ በዚያው ከቀጠለ 133 ይሆናል፤ አዲሱ ደሞዙን ካልከለሰ ግን 125 ላይ ቆሞ ይቀራል። ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ጠይቂ፦ ሁለቱ ዓመት ሲያልቅ ክለሳው በምን ይሠራል? በኃላፊው ፈቃድ ነው ወይስ ውሉ ላይ የተጻፈ ነገር አለ? በቃል «እናስብበታለን» ከተባልሽ እንደሌለ ቁጠሪው።

ሌላም አለ። 125ቱ ግብር ተቆርጦ እጅሽ የሚገባው ነው? ደሞዝ ከፍ ሲል ከፍ ባለ ምጣኔ ግብር የሚቆረጥበት ሥርዓት ካለ፣ ከጭማሪው የሚቆረጠው ድርሻ ከነባሩ ደሞዝሽ ከሚቆረጠው ድርሻ በልጦ ይገኛል። ወረቀት ላይ 14 የነበረው እጅ ላይ 11 ሊሆን ይችላል። ደግሞ ትራንስፖርት ወይም ምሳ የሚሰጡሽ ከሆነ በዓይነት ነው በገንዘብ? ሰርቪስ ካለ ነዳጅ ሲወደድ የሚጎዳው ድርጅቱ ነው። በጥሬ ገንዘብ የተቆረጠ አበል ከሆነ ግን በየወሩ የሚሸረሸረው ያንቺው ነው።

ጭማሪ ለመጠየቅም ካሰብሽ አንድ ነገር። «ኑሮ ተወዷል» ብለሽ አትግቢ። ለአሠሪው ወጪሽ ጉዳዩ አይደለም፤ የሚያየው ያንቺን ሥራ የሚሠራ ሌላ ሰው በስንት እንደሚያገኝ ነው። እጅሽ ላይ ያለው የሌላው ድርጅት ደብዳቤ ከማንኛውም የዋጋ ዝርዝር በላይ ይናገርልሻል። 122ቷን ለራስሽ ያዣት። ከዚህ በታች የሚሰጥሽ ቁጥር ጭማሪ እንዳይመስልሽ።

ከሄድሽ የመጀመሪያውን ዓመት በደንብ ተጠቀሚበት። በየወሩ 15 ይተርፍሻል። ዛሬ የሦስት ወር መጠባበቂያ 330 ነው፤ 60 ጎድሎሻል፤ በአራት ወር ይሞላል። ከዚያ በፊት ሰፋ ያለ ቤት እንዳታዪ። ምግብ የሚወደደው ቀስ በቀስ ነው፤ ኪራይ ግን ውል የሚታደስ ቀን ነው ዘሎ የሚመጣው፤ ዝግጅት የሚፈልገውም እሱ ነው። አከራይሽ ዘንድሮ በጨመረው ልክ ከጨመረ፣ ከ33 ላይ ሌላ 3 ይመጣል። ያቺን 3 ከአሁኑ በየወሩ ለይተሽ አስቀምጫት። ያለሷ መኖር ከለመድሽ በኋላ ውሉ ሲታደስ በጀትሽን አያናጋውም።

በየሦስት ወሩ ያንኑ ወረቀት አውጥተሽ የአምናውን ብዛት በአዲሱ ዋጋ ደግመሽ አስዪው። ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የአዲሱን ድርጅት የውል ረቂቅ ሲሰጡሽ ደግሞ የክለሳውን አንቀጽ ላኪልኝ፤ አብረን እናየዋለን።